የአድማሴ ድርሻ

ጋሪ ሠሪው አቶ አወቀ ዳንግላ ላይ ሲያርፉ፣ ከወለዷቸው ሦስት ልጆች በሕይወት የነበረችው ውብአየሁ ብቻ ነበረች። ታናሽ እህቷ የምሥራች አዘና ከተማ ባል አግብታ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጅቷ ገና ሳትራመድ እናትየዋ በሕመም ሞታለች። ወንድሟ አድማሴ ደግሞ ከአባቱ ጥቂት ዓመት ቀድሞ በመኪና አደጋ ሄደ። ሚስቱን አምሳለንና ሦስት ልጆቹን አባቱ ግቢ ውስጥ ትቷቸው ነው የሄደው። እነሱም እዚያው ኖሩ፤ ሽማግሌውንም እስከ መጨረሻው ያስታመሙት እነሱ ናቸው።

የቀረው ውርስ ያው ግቢው ነው። አቶ አወቀ ሚስታቸው ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ ገዝተው የሠሩት ነው፤ ከመንገዱ ዳር ሁለት የሱቅ ክፍል፣ ከኋላ መኖሪያው፣ መሀል ላይ ጋሪ የሚጠግኑበት ሜዳ። ሜዳው ላይ አሁን ጋሪ የለም። የአድማሴ የበኩር ልጅ ይሄነው የባጃጅ ጋራዥ አድርጎታል።

ውብአየሁ የምትኖረው እንጅባራ ነው። ከጥሊሊ ገበሬዎች የዘር ድንች እየተረከበች ታከፋፍላለች። ድንች ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሲደርስ ካላነሱት ይበላሻል። አባቷ በሞቱ በዓመቱ የሱቆቹ ተከራዮች ውላቸውን ከማን ጋር እንደሚያድሱ ጠየቁ። ማዘጋጃ ቤቱም በሟች ስም ምንም አላስተናግድም፣ የወራሽነት ማስረጃ ይምጣ አለ። የሚሮጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም።

ገበያ ላይ የሚያውቋት አንዳንድ ሴቶች ነገሩን ቀላል አድርገው ነገሯት። በሕይወት ያለሽው ልጅ አንቺ ነሽ፣ ስምሽን ብቻ አስገቢና ጨርሽው፣ ለልጆቹ በኋላ እንደ ፍጥርጥራቸው ትሰጫቸዋለሽ አሏት። ውብአየሁ ይኼን ከጆሮዋ አላስገባችውም። ዳንግላ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈው ነጋ የሚባል ሰውዬም ገና የሟቾቹን ታሪክ ሲሰማ ያላት የሴቶቹን ተቃራኒ ነው፦ የሞቱት ልጆች ልጅ ካላቸው፣ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ተክተው ይወርሳሉ፤ ልትዘያቸው አትችይም። እሷም ልትዘላቸው አልመጣችምና ደስ አላት። አንድ እጅ ለራሷ፣ አንድ እጅ አድማሴን ለሚተኩት ለይሄነው፣ ለአሸናፊና ለሜላት፣ አንድ እጅ ደግሞ የምሥራችን ለምትተካው ለናርዶስ። ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰላት። ሁለት የሞቱ ሰዎች ተመልሰው ከጎኗ የተቀመጡላት ያህል ቀለላት።

ከማስገባቷ በፊት ግን ቤተሰቡን ልንገር ብላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳንግላ ወረደች። ናርዶስም ከአዘና መጣች። ናርዶስ ያደገችው በአባቷ ዘመዶች ዘንድ ነው፤ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው፣ አሁን አዘና አስተማሪ ናት። ከአጎቷ ልጆች ጋር የሚያገናኛቸው ለቅሶና ሰርግ ብቻ ስለነበር፣ ያን ቀን እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ውብአየሁ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ነበራት። መጀመሪያ ሕጉ ድርሻውን እንዴት እንደሚያስቀምጠው ትናገራለች፤ ከዚያ በሦስት የተከፈለውን ግቢ ማን በየትኛው በኩል ቢጠቀም እንደሚሻል ሐሳብ ታቀርባለች። «ለሦስት» ከሚለው ቃል አላለፈችም።

«ለምን ለሦስት?» አለ ይሄነው። «ሰዎቹ እኮ አምስት ነን።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መናገር አልተቻለም። ይሄነው በጣቱ ቆጠራቸው፤ አክስቱን፣ ራሱን፣ ወንድሙን፣ እህቱን፣ ናርዶስን። እኩል የልጅ ልጆች ሆነን ናርዶስ ብቻዋን እኛ ሦስታችን የምናገኘውን ያህል የምትወስደው በምን ሒሳብ ነው አለ። ውብአየሁ ልታስረዳው ሞከረች። እሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የናርዶስ እናት እኮ የሞተችው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፣ እንኳን ቤቱን ልትወርስ ሲሠራም አላየችው የሚል ነበር። እንደገና አስረዳችው፤ የምሥራች ከአባቷ ቀድማ መሞቷ ነው እንጂ በስንት ዓመት ቀደመች የሚለው ለውጥ አያመጣም አለችው። አሸናፊ ዘግየት ብሎ ሽንኩርት ከገበያ ይዞ ገባና ከመጀመሪያው እንዲነገረው ጠየቀ። ከመጀመሪያው ተነገረው። ሲጨርሱም፣ «ታዲያ ለምን ለሦስት?» አለ።

አምሳለ በበኩሏ ሌላ ጥያቄ ነበራት። የአድማሴ ሚስት እኔ ነኝ፣ አማቴን ያጠብኩ የገነዝኩ እኔ ነኝ፣ ስሜ የት አለ አለች። ውብአየሁ ነጋ እንደነገራት ሚስት ባሏን ተክታ አማቷን እንደማትወርስ፣ የሚተኩት ከሟቹ አብራክ የወጡት ብቻ እንደሆኑ ስትነግራት፣ አምሳለ ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ጓሮ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ውብአየሁን ከሁሉም ያናደዳት ግን ይሄነው ወደ በሩ ሲሸኛት ያላት ነው።

«አክስቴ፣ ለሦስት ከሆነ እርስዎም ሲሶ ይደርስዎታል። ለአምስት ከሆነ ይቀንስብዎታል። እኔ አይገባኝም ብለው ነው?»

ውብአየሁ የመለሰችለት ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ነው፤ እስከ እንጅባራ ድረስ መለሰችለት። አብሯት የተቀመጠው ሰውዬ ብቻዋን ስታጉተመትም አይቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚያበሳጨው ልጁ ያለው ነገር በሒሳብ ትክክል መሆኑ ነው። ሕጉ ለእሷም ይጠቅማታል። ሕጉን ያወጣችው ግን እሷ አይደለችም፤ ድርሻዋን ለማስፋት ብትፈልግ ኖሮ አምስት ስም ይዛ ነጋ ዘንድ አትሄድም ነበር።

ማመልከቻው ገባ። ይሄነው በአምስት ይከፈል የሚል መልስ በጽሑፍ አስገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሰውን ለማድከም የታሰበ ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛዋ ስልጠና ላይ ናቸው ተባለ። በሁለተኛው መንገዱ ተዘግቶ ከእንጅባራ የሚወጣ መኪና ጠፋ። በሦስተኛው ፍርድ ቤቱ የሦስቱንም ሟቾች የሞት ምስክር ወረቀት ጠየቀ፤ የአቶ አወቀና የአድማሴ ነበረ፣ የየምሥራች አልነበረም። በዚያ ዘመን አዘና ላይ ሞትን የሚመዘግብ አልነበረም። ናርዶስ ከክፍል እየወጣች ቀበሌ ተመላለሰች። ቀበሌው ቀባሪዎች ይምጡና ይመስክሩ አለ፤ ቀባሪዎቹ የእርሻ ሰዎች ናቸው፣ ወቅቱ ደግሞ የአጨዳ ነው። አንዱ በመጣ ቀን የመዝጋቢው ኔትወርክ አልነበረም፤ ኔትወርክ በመጣ ቀን መዝጋቢው አልነበረም።

በመሀል አሸናፊ ይደውላል። ሁልጊዜ የሚደውለው ውብአየሁ ድንች ስታስጭን ነው። ጓደኛው የሆነ ነገር ነግሮት ይሆናል፤ አያት ከልጅ ልጆቹ አንዱን ከሌላው አያበልጥም፣ ወይም ወንድ ልጅ የወለደው ቅርንጫፍ ይቀድማል፣ ወይም ደግሞ አስታማሚ ተጨማሪ አለው። እሷም ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ትመልሳለች። ወንድ ሴት ብሎ ነገር የለም ትለዋለች። ማስታመም የሚመሰገን ነገር ነው፣ አያትህ ኑዛዜ ቢተዉ ኖሮ ሊያስቡላችሁ ይችሉ ነበር፣ አልተዉም፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ናቸው ትለዋለች። የጓደኛህን ስልክ ቁጥር ላክልኝ እስከ ማለት ደረሰች።

አንዳንድ ቀን የምትበሳጨው በሕያዋኑ አልነበረም። የምሥራችና አድማሴ ላይ ነበር የምትናደደው። አባታቸው አንድ ቀን እንደሚሞቱ ሦስቱም ያውቁ ነበር፤ ሦስት ሆነው ተቀምጠው፣ ትንሽ ተነታርከው፣ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር። እነሱ ቀድመው ሄዱና በቦታቸው ልጆቻቸውን ላኩባት። ልጆቹ ደግሞ ለምን እንደተላኩ አያውቁም። አንድ ጠዋት መጋዘኗ ውስጥ ጆንያ ስትሰፋ ይኼን እያሰበች መርፌው ጣቷን ወጋት፤ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ያስለቀሳት ግን ጣቷ አልነበረም።

በመጨረሻ ወረቀቱ ተሟልቶ ችሎት ቀረቡ። ሦስት ምስክሮች ተሰሙ። ከእነሱ አንዱ የአቶ አወቀ የአርባ ዓመት ጎረቤት አቶ ኪዳኑ ናቸው። ሟች ሦስት ልጆች እንደወለዱ፣ ሁለቱ ከእሳቸው ቀድመው እንደሞቱና እነማንን ትተው እንደሄዱ በዝርዝር ተናገሩ። አምሳለ ለአካለ መጠን ያልደረሰችው ልጇ የሜላት ሞግዚት ሆና ቆመች፤ በራሷ ስም አለመቆሟ አሁንም ከፊቷ ይነበብ ነበር።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናቸው። የይሄነውን መልስ አነበቡና የሚጨምረው ካለ ጠየቁት። ይሄነው ተነስቶ ያንኑ ቁጥር ደገመ፤ አምስት ሰዎች፣ አንድ ቤት። ዳኛዋ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«አንተ የቀረብከው ከሰዎቹ አንዱ ሆነህ አይደለም» አሉት። «አባትህ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ የሚቆመው እሱ ነበር፣ የሚደርሰውም ከሦስት አንድ እጅ ነበር። ከአያትህ ቀድሞ ስለሞተ አንተና ወንድም እህትህ በእሱ ቦታ ገብታችኋል። የእሱን አንድ እጅ እናንተ እኩል ትካፈላላችሁ። ናርዶስም በእናቷ ቦታ ናት። ብቻዋን መሆኗ የእናቷን ድርሻ አያሳንሰውም፤ እናንተ ሦስት መሆናችሁም የአባታችሁን አያበዛውም።»

«እኛ ግን ሦስት ነን፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ይሄነው።

«አባትህ ግን አንድ ነበር።»

ውብአየሁ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ለወራት በስልክ፣ በመንገድ፣ በበር ላይ ስትለው የኖረችውን ዳኛዋ በአንድ አፍታ ተናገሩት። ውሳኔውም በዚያው መንገድ ወጣ፤ ውብአየሁ የአቶ አወቀ ልጅ ሆና፣ ሌሎቹ አራቱ ሟች ወላጆቻቸውን ተክተው፣ አምስቱም ወራሾች ናቸው ተባለ፣ ድርሻቸውም ተገለጸ። ከችሎት ሲወጡ ይሄነው ማንንም ሳይሰናበት ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። አሸናፊ ብቻ ቀረና ሲሶ ለሦስት ሲካፈል ስንት እንደሚሆን በትሕትና ጠየቃት። ከዘጠኝ አንድ አለችው። አንገቱን ነቅንቆ አመሰገናት።

ማስረጃው በእጅ ቢገባም ነገሩ አላለቀም። ቦታው ተከፍሎ ሦስት ካርታ ለማውጣት አይበቃም፤ ስለዚህ በአምስቱም ስም በጋራ መዞር ነበረበት፣ ለዚህም አምስቱም ማዘጋጃ ቤት ቀርበው መፈረም አለባቸው። ይሄነው አልመጣም። አንድ ቀን ባጃጁ ተበላሽቶበት ነው፤ ሌላ ቀን አሞት ነው፤ በሦስተኛው ስልኩ ዝግ ነው። ናርዶስ ተማሪዎቿን ለሌላ መምህር አደራ ብላ መጥታ ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ከአክስቷ ጋር ተቀምጣ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ላይ፣ እንዲህ ከሆነ ክስ መሥርቼ ቤቱ እንዲሸጥና ድርሻዬን እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ደክሟት ነበር። እንደዚያ የማድረግ መብት እንዳላት ውብአየሁ ታውቃለች። በዚያ ቀን ሦስት ኩንታል ድንች ጥሊሊ ላይ ሜዳ ቀርቶባታል።

ያኔ አቶ ኪዳኑ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ሁሉንም ለቅዳሜ ረፋድ እቤታቸው ጠሩ፤ ይሄነውንም ራሳቸው ጋራዡ ድረስ ሄደው አመጡት። እሳቸው ሲጠሩት ባጃጁም አልተበላሸም፣ እሱም አላመመውም።

አቶ ኪዳኑ የሁሉንም ቃል በየተራ ሰሙ። ናርዶስ ልትከስ እንዳሰበች ተናገረች። ይሄነው መሬት መሬት እያየ ፍርድ ቤቱ የፈረደውን ፈርዷል፣ እኔ የምለው የለኝም፣ ያደጉበትን ቤትና ያላደጉበትን ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል አለ። ናርዶስ ይኼን ስትሰማ ጉንጯ ቀላ። ከቤቱ ያራቃት የእናቷ ሞት እንጂ እሷ አልነበረችም።

ውብአየሁ እንደገና ሕጉን ልታስረዳ አስባ አፏን ከከፈተች በኋላ ሐሳቧን ለወጠች።

«ይሄነው፣ ሕግ መናገር ሰልችቶኛል» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። አንተ እዚህ የተቀመጥከው የወንድሜን ቦታ ይዘህ ነው። ናርዶስም የእህቴን ይዛ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከወንድሜ ጋር አልተነጋገርኩም፤ ከአንድ ከተቆጣ ልጅ ጋር ነው የተነጋገርኩት። አድማሴ እዚህ ቢቀመጥ፣ የምሥራችን አንቺ ልጅሽ አንዲት ናት፣ ድርሻሽ ይቀነስ ይላት ነበር? እንደዚያ የሚል ከሆነ በለኝ። ካልሆነ እሱ የሚለውን ንገረኝ።»

ይሄነው በባጃጅ ቅባት የጠቆረ ጣቱን ሲያሻሽ ቆየ። አምሳለ ልትናገር ስትል አቶ ኪዳኑ በእጃቸው አስቆሟት።

«እንደሱ አይላትም ነበር» አለ ይሄነው በመጨረሻ። «አባቴ፣ ልጆቼን የት ላስገባቸው ነበር የሚለው።»

ያን ጊዜ ነው ለውብአየሁ የገባት። ይሄነው ስለ ሲሶና ስለ አምስተኛ የሚከራከረው ቁጥሩ አሳስቦት አልነበረም። አንዲት የማይቀርባት የአክስት ልጅ ሲሶ ከያዘች፣ ይሸጥ ባለች ቀን እናቱና እህቱ ሜዳ ላይ ይወጣሉ ብሎ ነው። ሦስት ሰው ሆነው ብዙውን ከያዙ ማንም አያስወጣንም ብሎ ነው ቁጥሩን የሙጥኝ ያለው። ይኼን ከመጀመሪያው ቀን ቢለው ኖሮ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት በረንዳ፣ ስንት ኩንታል ድንች! ልትጮህበት ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ተነፈሰች።

«ለምንድን ነው እስካሁን ያልነገርከኝ?» አለችው።

«ብነግርዎትስ ኖሮ ምን ያደርጉልኝ ነበር ብዬ ነው» አለ።

ናርዶስ አልዋሸችም። እውነቱን ለመናገር እንዲሸጥ ፈልጌ ነበር አለች። አዘና ላይ በኪራይ ክፍል ነው የምኖረው፣ እናቴ ከተወችልኝ ነገር የማገኘው ይኼን ብቻ ነው፣ ዝም ብዬ ስሜ ካርታ ላይ ተጽፎ እንዲቀር አልፈልግም አለች። ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት ግን አልመጣሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለም የነገረኝ የለም፣ ሁልጊዜ የሚነገረኝ ብቻዬን መሆኔ ነው አለች።

«እንግዲህ አሁን» አለች ውብአየሁ፣ «ያን እሑድ ልናገረው የመጣሁትን፣ ማንም ሳያቋርጠኝ ልናገር።»

ሐሳቧ እንዲህ ነበር። ካርታው በጋራ ይሁን። ከኋላ ያለው መኖሪያና ሜዳው የአድማሴ ድርሻ ሆኖ ልጆቹ ይያዙት፤ ከፊት ያሉት ሁለት ሱቆች አንዱ ለናርዶስ፣ አንዱ ለእሷ ይሁኑና ኪራያቸውን ይውሰዱ። ከኋላ ያለው ይሰፋል፣ ከፊት ያለው ግን በገበያ ይበልጣል፤ ሲገመት ብዙም አይራራቅም። ወደፊት ድርሻዬን ልሽጥ የሚል ቢኖር ከውጭ ሰው በፊት ለወራሾቹ ይንገር።

ማንም አልተቃወመም። አለመቃወማቸው ለራሱ ሌላ ብስጭት ሆነባት። አንድ ዓመት ያህል የተንገላታችበት ነገር ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሊያልቅ ነው። ደግነቱ ወዲያው ናርዶስ የማዕዘኑ ሱቅ ይሻለኛል ብላ አሳረፈቻት። የማዕዘኑ በሁለት በኩል በር አለው፣ ኪራዩም ይበልጣል። ውብአየሁ ልትከራከር ቃጣት፤ ከዚያ ይሄነው በር ላይ የጠየቃት ነገር ትዝ አላትና የማዕዘኑን ውሰጂ አለቻት። ይሄነው ቀና ብሎ አያት።

የቀረው አምሳለ ነበረች። አቶ ኪዳኑ፣ ወራሽ ባትሆኚም በባልሽ ድርሻ ላይ ከልጆችሽ ጋር ከመኖር የሚከለክልሽ የለም አሏት። አምሳለ ያን አውቃለሁ፣ እኔ የፈለግሁት አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ አማትሽን ጦረሻል እንዲለኝ ነበር አለች። ውብአየሁ ይኼን እስካሁን አለማለቷን ስታስበው አፈረች። ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ «አባቴን የጦርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ድንች ስሸጥ ነበርኩ» አለቻት። አምሳለ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ከዚያ ስለ ስም አንስታ አታውቅም።

ስምምነቱን ነጋ ጻፈው። ሜላት ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ፍርድ ቤት አይቶ ሊያጸድቀው ግድ ነበር። እዚያም ሁለት ቀጠሮ ፈጀ፤ አንዱ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ሌላው ቀን ፋይሉ በሌላ መደርደሪያ ተቀምጦ። ዳኛዋ የልጅቷ ጥቅም አለመጓደሉን ጠይቀው፣ ሜላትንም ራሷን አናግረው አጸደቁት። ሜላት በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠየቃት ሰው ዳኛዋ ብቻ እንደሆኑ በረንዳው ላይ ለትልልቆቹ ነገረቻቸው።

ማዘጋጃ ቤት የቀረቡ ዕለት ይሄነው ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሠራተኛው ስማቸውን እየጠራ አስፈረማቸው። ይሄነው ብዕሩን ሲይዝ፣ በማን ምትክ ነው የምትፈርመው አለው ሠራተኛው፣ ወረቀቱ ላይ ሊሞላ።

«በአባቴ» አለ ይሄነው። «በአድማሴ አወቀ።»

ውብአየሁ የወንድሟን ስም በመሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሟች የሚለው ቃል ሳይቀድመው ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ቀጥሎ ናርዶስ ፈረመች፣ በየምሥራች አወቀ ምትክ። ሦስቱ የአወቀ ልጆች አንድ ወረቀት ላይ ተሰበሰቡ።

ከዚያ ካርታው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ። የሚፈርመው ኃላፊ ፈቃድ ላይ ነው ተባሉ።

ውብአየሁን ሊገርማት እንኳን አልቻለም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መናኸሪያው አቀናች። ይሄነው በባጃጁ ላድርስዎት አለ፤ ናርዶስም ወደ አዘና የምትሄድበት መኪና እዚያው ስለሆነ አብራ ተሳፈረች። መንገድ ላይ በሁለቱ መካከል ስለ ውሃው ቆጣሪ ክርክር ተነሳ። ቆጣሪው ያለው ጓሮ ነው፣ የሱቁም ውሃ የሚቀዳው ከእሱ ነው፣ ማን ምን ያህል ይክፈል ነው ነገሩ። ይሄነው ኪራዩን ስትወስጂ ውሃውንም አብረሽ አስቢ አላት። ናርዶስ ባጃጅ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። አድማሴና የምሥራች በልጅነታቸው ለአንድ ጣሳ ውሃ እንደዚህ ነበር የሚነታረኩት፤ ያኔም የሚገላግላቸው ሰው አልነበረም፣ ውብአየሁ ናት ጣሳውን ነጥቃ ትደፋው የነበረችው።

«አክስቴ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ይሄነው ወደ ኋላ ዞሮ።

«መንገድህን እይ» አለችው ውብአየሁ። «ለራሳችሁ ተስማሙ። እኔ ጥሊሊ ድንች ይጠብቀኛል።»

መናኸሪያው ላይ ስትወርድ ሁለቱ አሁንም እየተከራከሩ ነበር። ሚኒባሱ ሲሞላ ጠብቃ በመስኮቱ ብታይ፣ ባጃጁ ከቆመበት አልተነሳም፤ ናርዶስ በጣቷ መዳፏ ላይ አንድ ነገር ታሰላለች፣ ይሄነው አንገቱን አስግጎ ያያል። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ውብአየሁ ስልኳን አውጥታ ለጥሊሊው ገበሬ ለሽመክት ደወለች፤ ኔትወርኩ እምቢ አላት፤ ደግማ ደወለች።